ይሄን የሴቶች ጨዋታ ዘገባ እንዴት ላቃናው?

የፒያሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር አንዲት ትንሽ የስፖርት ገጽ አለችን። አልደብቅም፣ አብዛኛው የምንጽፈው ስለ ፋሲል ከነማ ነው። ተከታዩም የሚመጣው ለአፄዎቹ ብሎ ነው። ዘንድሮ ግን የሴቶችንም ጨዋታ እንዘግብ ተባባልን። እሁድ ዕለት አንድ አዲስ ልጅ ሜዳ ላክሁ። የሰፈር ቡድኖች ናቸው፤ የማራኪ ልጆች ከአዘዞ ልጆች። 2 ለ 1 ማራኪ አሸነፈ።

ሰኞ ዘገባውን ላከልኝ። ገና አላወጣሁትም። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«ሴት ናት ብሎ የናቃት ይጸጸታል! እንደ ወንድ የምትመታው ውቢቷ ባለ 9 ቁጥር ትናንት ሜዳውን አደመቀችው። ጠይሟ፣ መለሎዋ፣ ሹሩባ የተሠራችው ይህች ቆንጆ ከአፄዎቹ አጥቂዎች በምንም አታንስም። ወንዶች ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ነው የተመለከቷት። ቡድኗም 2 ለ 1 አሸንፏል።»

ፎቶም አብሮ አለ። ባለ 9 ቁጥሯ ፀጉሯን ስታስተካክል። ኳስ የሚባል ነገር ፎቶው ውስጥ የለም።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ማመስገኑ ነው። ግን አንብቤ ስጨርስ ጨዋታው እንዴት እንደነበር አላወቅሁም። የማይሆነውን ልሰርዝ ብዬ ብጀምር የተረፈኝ «2 ለ 1» ብቻ ሆነ። እንዴት ነው የማቃናው? የተጫዋቾቹን ስም እዚህ አላወጣም፣ በማሊያ ቁጥር እንጥራቸው።

ቀይ ካርድ
ኧረ ተይ እህቴ፣ ምኑ ነው ጥፋቱ? «እንደ ወንድ» እኮ ሙገሳ ነው። እኛ አገር ጎበዝ ሴት ስትታይ «ወንድ ናት» ነው የሚባለው፤ ያልሰማ የለም። ደግሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ሰው ከፍቶ የሚያነበው «ውቢቷ» ስትዪ ነው። «ማራኪ አዘዞን ረታ» ብለሽ አውጪውና ስንት ሰው እንደሚያየው እናያለን።

የልጅ አባት
እኔ ደግሞ የጥያቄሽ ጉዳይ አለባበስ መሰለኝ። ትክክል ነሽ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ኳስ ትጫወታለች። አምና አንድ ገጽ ፎቶዋን አወጣው። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት በሙሉ ስለ መልኳ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ለአባት የሚነበብ አይደለም። እኔም «ሁለተኛ በቁምጣ እንዳላይሽ፣ ከሥር ረጅም ነገር ልበሺበት» አልኋት። እናቷ ተቆጣችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልብሱ ቢረዝም ሰው ስለ ጨዋታው ያወራ ነበር?

ነጭ መስመር
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከፎቶው በላይ ገጹ ምን ብሎ ጽፎ ነበር?

የልጅ አባት
«የጎንደር ቆንጆዎች ሜዳ ላይ»።

ነጭ መስመር
ይኸው። አንባቢው የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ስለ ቁንጅና ተጠየቀ፣ ስለ ቁንጅና ጻፈ። ያው ፎቶ፣ ያው ቁምጣ ሆኖ ከላዩ «በ80ኛው ደቂቃ ከመስመር ላይ ያወጣችው ኳስ» ቢል ኖሮ ጥቂት ባለጌ አይጠፋም ነበር፤ ሌላው ግን ኳሷ ግብ ነበረች አልነበረችም ብሎ ይከራከር ነበር። በሬዲዮም በጋዜጣም ብዙ ዓመት ስፖርት ሠርቻለሁ። ወሬውን የሚመራው ከፎቶው ሥር ወይም ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ልጅዎን ቁምጣዋን አይንኩባት።

አሁን ወደ አንቺ፣ የፒያሳዋ። ዘገባውን እየሰረዝሽ አታቃኚውም። ችግሩ ቃላቱ አይደሉም፤ ቃላቱ የገቡት ባዶ ቦታ ስላገኙ ነው። ልጁ ማን ለማን አቀበለች፣ ለምን ማራኪ ከእረፍት በኋላ ተሻለ፣ ግቡ ከየት መጣ የሚለውን ካልጻፈ ገጹን በምን ይሙላው? መልክ አለ፣ ወንድ አለ። ሁለቱም ሜዳ ሳይሄዱ የሚጻፉ ናቸው። የአፄዎቹን ጨዋታ ሲዘግብ ባዶ የማይሆነው እኮ ለዓመታት ስለሚያውቃቸው ነው። ማን ተጎድቷል፣ ማን ባለፈው ሳምንት ሁለት አግብቷል፣ አሰልጣኙ ማንን ያስቀምጣል፣ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ስለ ባለ 9 ቁጥሯ የሚያውቀው ግን እሁድ ያያትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሚያውቀው ጋር አመሳሰላት።

የልጁን የማስታወሻ ደብተር አስመጪና ያለውን ጻፊልን። ዘገባውን ሳይሆን ደብተሩን።

ሕግ ይከበር
ይሄ እኮ ክርክር አያስፈልገውም። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ከልክሎታል። በሴቶች ስፖርት ዘገባ ውስጥ «ወንድ» የሚል ቃል ጭራሽ አይገባም፣ ስለ ሰውነትም አይወራም። አለቀ።

ነጭ መስመር
ግማሹን ይዘኸዋል ወንድሜ። ኮሚቴው በ2018 መመሪያ አውጥቷል፤ በ2021 እና በ2024 ደግሞ አሻሽሎታል። ግን መመሪያ ነው፣ ክልከላ አይደለም። የጎንደርን ገጽ የሚቀጣ የለም። የሚለውም «ወንድ አትበሉ» አይደለም። ሴቷን በራሷ ውድድር ለኩ፣ ጨዋታውን የማይመለከት መልክና ልብስ አታግኑ፣ ካሜራውንም ጽሑፉንም ለሁለቱም ፆታ አንድ ዓይነት አድርጉ ነው።

ስለ ሰውነትም እንደዚያው። «መለሎ» የሚለውን ቃል እኔ ጭራሽ አልጠላውም። ተከላካይ በማዕዘን ምት ከሁሉም በላይ ዘላ በጭንቅላቷ ካገባች፣ ቁመቷ የጨዋታው አካል ነው፤ ጻፈው። ጉዳትም፣ ድካምም፣ ፍጥነትም ሰውነት ነው። ሹሩባዋ ግን ምን አደረገ? ኳስ አልመታ።

የሮጠ ያውቃል
ከዳባት ነኝ። እንደኔ ይሄ ነገር ኳስ ላይ ይብሳል እንጂ ሩጫ ላይ ያን ያህል አይደለም። ሩጫ ሰዓት አለው፣ ሰዓቱ ይናገራል። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ማራቶን ላይ ስለ ትዕግስት አሰፋ ሲጻፍ «ወንዶች አሯሯጮች ነበሯት» ይባላል። ያ እሷን ማሳነስ ነው ወይስ መረጃ ነው? እኔ ሳነበው ይከነክነኛል።

ነጭ መስመር
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «ወንድ የሚለው ቃል አይግባ» ላለው ወንድማችንም መልስ ይሆናል።

ትዕግስት በመስከረም 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገባች። ይሄን ቁጥር ከምን ጋር ነው የምታስተያየው? ያን ዕለት ኪፕቾጌ በ2:02:42 አሸንፏል። ሰነፍ ጸሐፊ «ከኪፕቾጌ 9 ደቂቃ ዘግይታ» ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ስለ ሩጫዋ ምንም አይነግርህም። እሷ ከኪፕቾጌ ጋር አልተወዳደረችም። አሁን በራሷ መስመር እየው። ከዚያ በፊት የሴቶች ክብረወሰን የብሪጂድ ኮስጌ 2:14:04 ነበር። ትዕግስት ሁለት ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ቀነሰችው። ማራቶን ላይ ክብረወሰን በሰከንዶች ሲሻሻል ነው የለመድነው። ሌላ ልጨምርልህ። ልጅቷ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ሪዮ ኦሎምፒክ የሄደችው በ800 ነው። እዚያው በርሊን ላይ ከአንድ ዓመት በፊት 2:15:37 ነበር የሮጠችው። ከ800 ሜትር ተነሥቶ እዚህ መድረስ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ወንድ ሳይገባበት።

አሯሯጮቹስ? እሱ መረጃ ነው። በርሊን ሴትና ወንድ አብረው ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ወንድ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ሊጠብቅ፣ ነፋሱን ሊከልል ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም አትሌቲክስ በጎዳና ሩጫ የሴቶችን ክብረወሰን ሁለት አድርጎ የሚመዘግበው፤ አንዱ በድብልቅ ውድድር፣ ሌላው በሴቶች ብቻ ውድድር። ለንደን ላይ ታላላቆቹ ሴቶች ለብቻቸው ቀድመው ይነሣሉ። እዚያም በ2025 ትዕግስት 2:15:50 ገብታ የሴቶች ብቻውን ክብረወሰን ያዘች። ስለዚህ በርሊንን ስትጽፍ አሯሯጮቹን ካልነገርከኝ፣ ለምን ለንደን ላይ በአራት ደቂቃ ገደማ የዘገየ ሰዓት «ክብረወሰን» እንደተባለ አይገባኝም። «ወንዶቹ ጎትተው አስገቧት» ካልክ ግን ዋሽተሃል፤ 42 ኪሎሜትሩን የሮጡት የራሷ እግሮች ናቸው።

እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ሰውየው ውድድሩ ውስጥ ነበረ ወይስ ጸሐፊው ነው ያመጣው? ውስጡ ከነበረ ይጻፍ።

ቀይ ካርድ
እሺ ማራቶኑን ተቀብያለሁ። ግን «ሴቷ ቀነኒሳ» ማለት ምን ይጎዳል? አንባቢ ቶሎ ይገባዋል እኮ። በሁለት ቃል ጨረስክ።

የሮጠ ያውቃል
ይሄን እኔ ልመልስ፣ የኛ ሰፈር ነው። ቤጂንግ 2008፣ ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህም 5 ሺህም ወርቅ። ቀነኒሳም ሁለቱንም ወርቅ። ግን ቀኑን እየው። የሴቶቹ 5 ሺህ ፍጻሜ ኦገስት 22 ነበር፣ የወንዶቹ ኦገስት 23። ቀድማ የጨረሰችው እሷ ናት! በአንድ ኦሎምፒክ ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። «ሴቷ ቀነኒሳ» ስትል ይሄ ሁሉ ይጠፋል። ከአንድ ቀን በኋላ የመጣውን ሰው ቀዳሚ አደረግኸው።

ቀይ ካርድ
ሃሃ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እሺ በዚች ዝም ብያለሁ። በላይኩ ጉዳይ ግን አልተረታሁም።

ነጭ መስመር
የሮጠ ያውቃል ጥሩ አድርጎ መለሰ። እኔ «ሰዓቱ ይናገራል» ባለው ላይ ብቻ ትንሽ ልቃወመው። ሰዓት ብቻውን ሁልጊዜ አይናገርም።

ዩጂን 2022፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር። ለተሰንበት ግደይ 30:09.94፣ ሔለን ኦቢሪ 30:10.02፣ ማርጋሬት ኪፕኬምቦይ 30:10.07። የርቀቱ ክብረወሰን ያኔ የለተሰንበት የራሷ 29:01.03 ነበር። ሰዓት ብቻ የሚያይ ጸሐፊ «ከክብረወሰኗ ከደቂቃ በላይ ዘግይታ» ሊል ይችላል። የዚያ ዕለት ታሪክ ግን ሌላ ነው። ለተሰንበት ስትታወቅ ከፊት ሆና እየመራች ሌሎቹን በፍጥነት በማድከም ነው። ሲወራባት የኖረው ደግሞ «አጨራረስ የላትም» የሚል ነበር። ዶሃ 2019 ላይ ሲፋን ሐሰን ቀድማት ወርቁን ስትወስድ ለተሰንበት ብር አገኘች። ዩጂን ላይ የመጨረሻው ዙር ሲመጣ ሲፋንም ኦቢሪም አጠገቧ ነበሩ። ሁሉም ትሸነፋለች ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ፣ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር፣ በስምንት መቶኛ ሰከንድ አሸነፈች። ሲፋን አራተኛ ወጣች።

ይሄን ለመጻፍ ወንድ አያስፈልግህም፤ «ውቢቷ»ም ቦታ የለውም። የሚያስፈልግህ ዶሃን ማስታወስ ነው። የሴት አትሌት ማነጻጸሪያዋ ያለፈው ሩጫዋ ነው፣ አጠገቧ የምትሮጠው ተቀናቃኟ ናት፣ የርቀቱ የራሱ ታሪክ ነው። ሦስቱን የሚያውቅ ሰው ወንድ ፍለጋ አይሄድም።

የፒያሳዋ
ደብተሩ መጣ። እንዳለ ልጻፍላችሁ፦

«18 — አዘዞ ማዕዘን፣ 5 በጭንቅላት። 0-1
እረፍት
7 ቀኝ ሄደች
52 — 9 ከሩቅ!!! 1-1
አዘዞ 3 እግሯን ያዛት፣ 68 ወጣች
79 — 7 ከቀኝ፣ 9 ነካ። 2-1
የአዘዞ በረኛ ጎበዝ፣ ሦስት አድናለች
ቃለ መጠይቅ 9፦ ኳስ ከወንድሞችሽ ጋር ነው ያደግሽው? — አይ፣ ከእህቴ ጋር።»

የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። መልሱን ዘገባው ውስጥ አላስገባትም።

ነጭ መስመር
ይሄ ልጅ ደብተሩ ላይ ጎበዝ ነው! እንዳታባርሪው። ጨዋታው በሙሉ እዚህ አለ፣ ዘገባው ውስጥ ነው የጠፋው።

በደንብ እዪው። አዘዞ ይመራል። ከእረፍት በኋላ ማራኪ ባለ 7 ቁጥሯን ወደ ቀኝ ያወጣል። በዚያ በኩል የአዘዞ ግራ ተከላካይ አለች፤ ባለ 3 ቁጥሯ መሆኗ ነው። ደጋግመው በእሷ በኩል ሲሄዱባት ጡንቻዋ ያዛት፣ በ68 ወጣች። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ የማሸነፊያው ግብ በዚያው በኩል መጣ። ታሪኩ የአሰልጣኙና የባለ 7 ቁጥሯ ነው። ዘገባው ግን ስለ 7 አንድ ቃል የለውም፣ ሁለቱን ግብ ያስቆጠረችው 9 ናትና ዓይን እሷ ላይ ቀረ። ይሄ በወንዶችም ዘገባ የተለመደ ጉድለት ነው፤ መልክ ሲታከልበት ግን ሌሎቹ አሥሩ ጭራሽ ይጠፋሉ።

ሁለት ነገር አጣሪልን። 3 እውነት የግራ ተከላካይ ነበረች? እኔ ከቁጥሯ ነው የገመትሁት። ደግሞ 9ን ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ በ52ኛው ደቂቃ ከዚያ ርቀት ለመምታት ምን አየሽ? ስለ ወንድም፣ ስለ ባል፣ ስለ ፀጉር አይደለም። ስለዚያች ምት።

የልጅ አባት
እኔም ማታ ልጄን ይሄን ጠየቅኋት፤ «ባለፈው ያቺን ኳስ ለምን ወደ ኋላ መለስሻት?» ብዬ። ግማሽ ሰዓት ነገረችኝ። እናቷ ራቱ በረደ ብላ ተቆጣች። ለካ እስካሁን የምጠይቃት «አሸነፋችሁ? አልተጎዳሽም?» ብቻ ነበር።

የፒያሳዋ
ሁለቱንም አጣራሁ። 3 የግራ ተከላካይ ናት፣ ልክ ነህ።

9ን ደወልሁላት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠበቀች አትመስልም። ከዚያ ምን አለችኝ፦ «በረኛዋ ጎበዝ ናት፤ ግን መስመሯ ላይ አትቆምም። ከእረፍት በፊት ሦስቴ ስትወጣ አይቻለሁ። ኳሷ ስትደርሰኝ ቀና ብዬ አላየሁም፣ ወጥታ እንደምትሆን አውቃለሁ። ከፍ አድርጌ ላክሁባት።»

ልብ በሉ፣ ልጁ «እንደ ወንድ የምትመታው» ያለው ይሄንን ምት ነው። ጠንካራ ምት አልነበረማ! ከበረኛዋ ራስ በላይ የተጣለ ኳስ ነው። ልጁን ስጠይቀው «አዎ፣ ቀስ ብሎ ነው የገባው» አለኝ።

ነጭ መስመር
በቃ፣ አገኘሽው። «እንደ ወንድ» ያለው ምትዋን ሳይሆን መገረሙን ነው የገለጸው። አንባቢው ግን በጉልበት የተመታ ኳስ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሐረጉ አክብሮት ማጣት ብቻ አይደለም፣ የተሳሳተ ዘገባ ነው። አርታዒ ሆኜ ለልጁ የምነግረው በዚህ በኩል ነው፤ «ነውር ነው» ካልሁት ያኮርፋል፣ «ያየኸውን አልጻፍክም» ካልሁት ይማራል።

የፒያሳዋ
ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግነው። ቅጡን እዩልን፦

«የማራኪ ልጆች ወደ እረፍት የወጡት 1 ለ 0 ተመርተው ነበር፤ ሜዳውን የለቀቁት ግን አዘዞን 2 ለ 1 አሸንፈው ነው። ጨዋታውን የቀየረው የቀኝ መስመር ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ያጠራት ባለ 7 ቁጥሯ ከእረፍት መልስ ወደ ቀኝ ወጣች። የአዘዞ ግራ ተከላካይ በተደጋጋሚ አስቆመቻት፤ በ68ኛው ደቂቃ ግን ጡንቻዋ ይዟት ወጣች። በ79ኛው ደቂቃ ባለ 7 ቁጥሯ በዚያው በኩል ገብታ ያሻማችውን ኳስ ባለ 9 ቁጥሯ ነካ አድርጋ አስቆጠረች።

አዘዞ ቀድሞ ያገባው በ18ኛው ደቂቃ ነው። ረጅሟ ተከላካይ ባለ 5 ቁጥር የማዕዘን ምቱን ከሁሉም በላይ ዘላ በጭንቅላቷ ገጨችው። ማራኪን አቻ ያደረገችው ባለ 9 ቁጥሯ ናት፤ በረኛዋ ከመስመሯ እንደምትወጣ አስቀድማ አይታ ኳሱን ከሩቅ ከበረኛዋ ራስ በላይ አሳለፈችው። ያቺው በረኛ ሌሎች ሦስት ኳሶችን አድናለች፤ እሷ ባትኖር ውጤቱ ይሰፋ ነበር።»

ስሞቹ በቁጥሮቹ ቦታ ይገባሉ። ፎቶውን ቀየርነው። 7 በመስመር ስትሮጥ የተነሣ ነበረው፤ «ፊቷ በደንብ አይታይም» ብሎ ነው የተወው። ኳሷም ተከላካይዋም ፎቶው ውስጥ አሉ።

የሮጠ ያውቃል
አሁን ሜዳው ታየኝ። «እሷ ባትኖር ውጤቱ ይሰፋ ነበር» የምትለዋን ግን እጠራጠራለሁ። የሚወጣ በረኛ እኮ ነው አንደኛውን ያስገባው።

ነጭ መስመር
ልክ ነው፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጧት። ሦስት ማዳኗ ይበቃል። ስለ ሴት ተጫዋች ሲሆን መተቸት እንፈራና ሁሉንም ማመስገን እንጀምራለን። እሱም ያው ጨዋታዋን ከቁም ነገር አለመቁጠር ነው። በረኛዋ ከመስመሯ መውጣቷ ግብ አስቆጥሮባታል፤ ይጻፍ።

እናት ናት
ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። በማራኪ በኩል የተጫወተችው ባለ 4 ቁጥር የአንድ ዓመት ልጅ እናት ናት፤ ጓደኛዬ ስለሆነች አውቃለሁ። ከወለደች በኋላ ሙሉ ጨዋታ ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነው። ይሄ መጻፍ የለበትም? ወንድ ተጫዋች አባት ሲሆን አይጻፍም ብላችሁ ይሄንም ልትደብቁባት ነው?

ሕግ ይከበር
አይጻፍም። ጨዋታውን አይመለከትም።

ነጭ መስመር
እዚህ ላይ እኔም ሁለት ልብ ነኝ። ጥሩነሽ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ ወሰደች። ያንን ነሐስ ስትጽፍ መውለዷን ካልጠቀስህ፣ ከውድድር የጠፋችበት ጊዜ ምን እንደነበር አንባቢ አያውቅም። እዚያ ላይ እናትነቷ የስፖርት ታሪኳ ነው፤ ጉዳት ደርሶበት እንደተመለሰ ሯጭ ይጻፋል። በሌላ በኩል ደግሞ በየውድድሩ «እናቷ አትሌት» እያሉ ሲጠሯት አይቻለሁ፤ ያ ቅጽል ሆነ፣ መረጃነቱ ቀረ። የ4 ቁጥሯ የመጀመሪያዋ ሙሉ ጨዋታ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ግን መግቢያው ላይ አይደለም፣ እሷም ስትፈቅድ።

እናት ናት
አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃትም! ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አጥብታ፣ ሌሊት ሳትተኛ አድራ ነው 90 ደቂቃ የሮጠችው። እናንተ «ጨዋታውን አይመለከትም» ትላላችሁ። በ85ኛው ደቂቃ እግሯ ሲከብዳት አይቻለሁ፤ ይመለከተዋል።

ሕግ ይከበር
እንግዲያው እግሯ ከበዳት ብላችሁ ጻፉ።

እናት ናት
ለምን እንደከበዳት ሳትጽፉ?

ቀይ ካርድ
እኔ ወደ ርዕሱ ልመልሳችሁ። ርዕሱ ላይ «ሴቶች» የሚል ይኖራል ወይስ አይኖርም? የአፄዎቹን ስንጽፍ «የወንዶች» አንልም። «ማራኪ አዘዞን አሸነፈ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሰው የወንዶቹ መስሎት ይገባና «አታለላችሁን» ብሎ ይሳደባል። ይሄን ነገር በላይክ ብቻ ሳይሆን በሥራም አይቼዋለሁ።

የፒያሳዋ
ለዚህ መልስ የለኝም። እኔ ያሰብሁት «ከእረፍት መልስ የተመለሱት የማራኪ ልጆች አዘዞን ረቱ» ብዬ ከላይ በትንሹ «የሴቶች የሰፈር ውድድር» ማለት ነው። የወንዶቹ የሰፈር ውድድር ሲኖር ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ «የወንዶች» እንላለን። ሁለቱም ላይ ምልክት፣ ወይም ሁለቱም ላይ ምንም።

ነጭ መስመር
ሁለቱም ላይ ማድረጉ ይሻላል። ግን ቀይ ካርድ ስለ አንባቢው ያነሣው ነገርም አለ። የሴቶቹን ጨዋታ ብቻ የሚፈልግ ሰው «ሴቶች» ብሎ ነው የሚፈልገው፤ ቃሉ ርዕሱ ውስጥ ከሌለ አያገኛችሁም። እኔ በዚህ ላይ እስካሁን አንድ መልስ ላይ አልደረስሁም። ሁለት ሦስት ዘገባ በሁለቱም መንገድ አውጥታችሁ እዩት።

የፒያሳዋ
እሺ። 4 ቁጥሯን ደውዬ ፈቃዷን እጠይቃለሁ፣ እናት ናት ቁጥሯን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሌላ አንድ ነገር ጎድሎናል። የተጫዋቾች ዝርዝር ከዳኛው አልተሰጠንም፤ የአዘዞ በረኛ ስም ደብተሩ ላይ የለም። «የአዘዞ በረኛ» ብዬ ማውጣት አልፈልግም፤ የ9ን ስም ጽፌ የሷን ብተው አይሆንም። ከአዘዞ ቡድን ጋር የሚገናኝ ሰው ካለ አሰልጣኟን ያገናኘኝ። ዘገባው እስከ ነገ ጠዋት ይቆያል።

የልጅ አባት
አሰልጣኟን አውቃቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ አላቸው። ጠዋት አልፋለሁ። ስሟን ብቻ ልጠይቅ ወይስ በ52ኛው ደቂቃ ለምን እንደወጣችም?

የፒያሳዋ
ሁለቱንም ጋሼ።